19.2 የሚለው መልስ

ሐዋሳ በተከራየሁት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ፣ ከትናንት በስቲያ የሠራነውን የመውጫ ፈተና መለማመጃ ወረቀት ዛሬ ማታ እንደገና አየሁት። ብዙውን ጥያቄ በትክክል መልሻለሁ፤ ነገር ግን አንደኛው ከአእምሮዬ ስላልወጣ እዚህ ላይ ልጽፈው ወሰንኩ። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ የሳንባ ምች የያዘው 12 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን፣ አሞክሲሲሊን በቀን 80 ሚሊ ግራም በኪሎ፣ ለሁለት ጊዜ ተከፍሎ፣ ለ5 ቀን እንዲሰጠው ታዟል። ሽሮፑ በየ5 ሚሊ ሊትሩ 250 ሚሊ ግራም መድኃኒት አለው። ሕፃኑ በአንድ ጊዜ ስንት ሚሊ ሊትር ይወስዳል?

እኔ 80ን በ12 አባዝቼ 960 አገኘሁ፤ 960ን ለ250 አካፍዬ በ5 ሳባዛው 19.2 ሚሊ ሊትር ሆነ። ከምርጫዎቹ መካከል 19.2 ስለነበረ ያለ ምንም ጥርጣሬ አከበብኩት። ስሌቴ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው ንባቤ ነው። 960 ሚሊ ግራም የሕፃኑ የሙሉ ቀን መድኃኒት እንጂ የአንድ ጊዜው አይደለም። ለሁለት ሲከፈል 480 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ ሽሮፑ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 50 ሚሊ ግራም ስላለው፣ 480 ለ50 ተካፍሎ 9.6 ሚሊ ሊትር ይመጣል። እኔ ለሕፃኑ በያንዳንዱ ጊዜ የታዘዘለትን እጥፍ ሰጥቼዋለሁ ማለት ነው።

ይበልጥ ያስደነገጠኝ ደግሞ 19.2 በሌላ ጠርሙስ ትክክለኛ መልስ መሆኑ ነው። በየ5 ሚሊ ሊትሩ 125 ሚሊ ግራም ያለው አሞክሲሲሊን ቢሆን ኖሮ፣ 480 ሚሊ ግራም ለማግኘት 19.2 ሚሊ ሊትር መቅዳት ግድ ይሆን ነበር። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ በማየት «ይህ በዛ» ወይም «ይህ ልክ ነው» ማለት አይቻልም፤ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው መጠን አብሮ መነበብ አለበት።

በተግባር ልምምድ ላይ የሚቆጣጠሩን ሲስተር ወረቀቴን ሲያዩ አልተቆጡም። «መልስሽን ወደ ኋላ መልሺው» አሉኝና እስክሪብቶውን ሰጡኝ። 19.2ን በ50 ሳባዛ 960 ሆነ፤ ለ12 ኪሎ ሳካፍል 80 መጣ። ይህ የአንድ ጊዜ ስለሆነና ሕፃኑ በቀን ሁለት ጊዜ ስለሚወስድ፣ በቀን 160 ሚሊ ግራም በኪሎ ሆኖ ቁጭ አለ፤ ትእዛዙ ግን 80 ነው። በ9.6 ስሞክረው 480፣ ከዚያ 40፣ በሁለት ሲባዛ 80 መጣ። ከግማሽ ደቂቃ በላይ አልወሰደብኝም፤ ፈተናው ላይ ግን አላደረግሁትም።

ከዚያ በኋላ «በቀን» የሚለውን ቃል በሁሉም ቦታ መፈለግ ጀመርኩ፤ ይህም በራሱ አሳሳተኝ። ቀጥሎ የሠራሁት ጥያቄ ለዚሁ 12 ኪሎ ሕፃን ፓራሲታሞል 15 ሚሊ ግራም በኪሎ በአንድ ጊዜ፣ በየ6 ሰዓቱ ይላል። 15 በ12 ሲባዛ 180 ሚሊ ግራም ነው፤ እኔ ግን ይህንን ለአራት ከፈልኩትና 45 አደረግሁት። እዚህ ትእዛዙ የተሰጠው በአንድ ጊዜ ስለሆነ የሚከፈል ነገር የለም። በየ5 ሚሊ ሊትሩ 120 ሚሊ ግራም ባለው ሽሮፕ 180 ሚሊ ግራም ማለት 7.5 ሚሊ ሊትር ነው፤ የእኔ ስሌት የሰጠው ከ2 ሚሊ ሊትር በታች ነበር፤ ያ ሕፃን ትኩሳቱ ሳይበርድለት ያድር ነበር። አሁን ገና ቁጥር ሳልነካ «በቀን» ወይም «በአንድ ጊዜ» የሚለውን አሰምርበታለሁ፤ ከሁለቱ አንዱም ካልተጻፈ ደግሞ ትእዛዙን የጻፈውን ሰው እጠይቃለሁ እንጂ አልገምትም።

ማታ በብርጭቆ ውኃ ቀድቼ፣ በየ0.2 ሚሊ ሊትር በተሰመረ ባለ 10 ሲሪንጅ 9.6ን ሳብኩ፤ ከ10 ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ ቆመ። ከዚያ 19.2ን ለመቅዳት ሲሪንጁን ሁለት ጊዜ መሙላት ነበረብኝ፤ በሲኒ ውስጥ ሳየው ለሕፃን አፍ ብዙ ነው። ስለ ጠርሙሱም አሰብኩ፤ ዱቄቱ በውኃ ተበጥብጦ 100 ሚሊ ሊትር ከሆነ፣ በ9.6 ሲሰጥ በ5 ቀን 96 ሚሊ ሊትር ይሄዳል፤ ይበቃል። በእኔ መልስ ቢሰጥ ግን አምስተኛው መጠን፣ ማለትም የሦስተኛው ቀን ጠዋቱ፣ በጠርሙሱ ውስጥ 4 ሚሊ ሊትር ብቻ ያስቀር ነበር። አንዲት እናት «መድኃኒቱ አለቀ» ብላ በሦስተኛው ቀን ብትመለስ፣ መጀመሪያ የምጠይቃት በአንድ ጊዜ ስንት እንደሰጠችው ነው፤ ቀጥዬም ካርዱ ላይ የጻፍኩላትን ቁጥር አያለሁ።