ጥቅምት 4 ወይስ ጥቅምት 25?

ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ የሰው ኃይል ክፍል ነው የምሠራው። በ2017 የህንዳዊው የማሽን ቴክኒሻናችን የመኖሪያ ፈቃድ እድሳት ተጓተተብን። ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ግድግዳው ላይ የለጠፈው የዜጎች ቻርተር «10 የሥራ ቀን» ይላል። እኛ ግን የካቲት ገብቶም መልስ የለንም። ሰውየው ለልጁ ሠርግ አገሩ መሄድ ፈልጎ፣ ብወጣ መመለስ አልችልም ብሎ ተጨንቋል።

ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ልጻፍ አልኩ። አቤቱታ በቃልም በጽሑፍም ይቀበላሉ፤ ክፍያ የለውም። ሁለት ገጽ ሙሉ ብሶት ጻፍኩ። መጨረሻው «ፈቃዱ በአስቸኳይ እንዲሰጠን» የሚል ነበር።

ከመላኬ በፊት አለቃዬ ጋሽ ይመር አነበቡት። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው፣ ዕድሜያቸውን በመዝገብ ቤት የፈጁ ሰው ናቸው።

«አብሽሪ፣ ጽሑፍሽ ያስለቅሳል» አሉኝ። «ግን መቼ አስገባሽ?»

«ጥቅምት 4።»

«ሰነዱ ያን ቀን ሙሉ ነበር?»

ዝም አልኩ። አልነበረም። የታደሰው የሥራ ፈቃድ ቅጂ እንደጎደለ ጥቅምት 21 ነግረውን፣ ጥቅምት 25 ነው ያስገባነው። ቀኑ መቆጠር ያለበት ሰነዱ ከተሟላበት ነው። በጥቅምት 4 ብጽፍ ኖሮ «ያኔ ሰነዱ ጎደሎ ነበር» ብለው በአንድ መስመር ይመልሱኝ ነበር። የቀረውም ቅሬታዬ አብሮ ይወድቃል።

ጋሽ ይመር ካላንደር አወጡ። ቅዳሜና እሁድን እየዘለልን ስንቆጥር አሥረኛው ቀን ኅዳር 9 ሆነ። ደብዳቤው የካቲት 10 ነበር የሚወጣው። 91 ቀን አልፏል ማለት ነው፤ ለአቤቱታ ይበቃል፣ ይተርፋልም።

ጥቅምት 25 ማስገባታችን ግን በምን ይታወቃል? እዚህ ላይ ሹፌራችን አዳነን። ወረቀቱን አዲስ አበባ ያደረሰው እሱ ነው። ግትር ስለሆነ የሸኚ ደብዳቤው ቅጂ ላይ የገቢ ማኅተምና ቁጥር ካልተደረገልኝ አልሄድም ብሎ ቆሞ ነበር አሉ። ቅጂውን ከመኪናው ኪስ ውስጥ፣ ከቆሎ ፍርፋሪ ጋር አገኘነው።

ሁለተኛው ደብዳቤ ግማሽ ገጽ ሆነ። የገቢ ቁጥር፣ ሦስቱ ቀኖች፣ የቻርተሩ ፎቶ፣ ለመሥሪያ ቤቱ ቅሬታ ሰሚ ጽፈን መልስ ያጣንበት ቅጂ። «ፈቃዱ ይሰጠን» የሚለውንም ሰረዝኩት። እንባ ጠባቂ ፈቃድ አይሰጥም፤ መርምሮ የመፍትሔ ሐሳብ ነው የሚያቀርበው። «ይሰጥም ይከልከልም፣ ውሳኔው ከነምክንያቱ በጽሑፍ ይድረሰን» አልኩ። ጋሽ ይመር ይህችን ዐረፍተ ነገር ሁለቴ አንብበው ፈረሙ።

እንባ ጠባቂ መሥሪያ ቤቱን ሲጠይቅ ነገሩ ወጣ። ጥቅምት 25 ያስገባነው ቅጂ መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ ከማኅደሩ ጋር ግን አልተያያዘም። ማኅደሩ «ሰነድ ይጎድለዋል» ተብሎ መደርደሪያ ላይ ተኝቶ ከርሟል። ያስቀየምነውም፣ የጠላንም ሰው አልነበረም። ፈቃዱ መጋቢት ላይ ደረሰ። ሠርጉ ግን አልፏል።

ባለፈው ሳምንት ደሴ አንድ ቢሮ ወረቀት ላስገባ ሄጄ ቅጂዬን ለማኅተም ስዘረጋ፣ የመዝገብ ቤቷ ልጅ «እትዬ፣ የስብሰባ ጥሪ እኮ ነው» ብላ ሳቀችብኝ። ቢሆንም መታችልኝ።