በቋሚዎቹ በኩል የሚወጣው ሙቀት፦ የአንድ ግድግዳ ስሌት

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ይከብዳል። ለእናቴ ከዋናው ቤት ጎን አንድ ክፍል ስሠራ በጭቃ ከመምረግ ይልቅ በተሰነጠቀ ባሕር ዛፍ ቋሚዎች መካከል ፋይበርግላስ ለመሙላት ወሰንኩ። ቋሚዎቹ 5 ሴንቲ ሜትር ወርድና 10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት አላቸው፤ ከመሀል እስከ መሀል 50 ሴንቲ ሜትር ይራራቃሉ። ከውስጥ ቺፑድ፣ ከውጭ በሽቦ ላይ የተለሰነ ሲሚንቶ አለ። ማወቅ የፈለግሁት ግድግዳው እንደ አንድ አካል ሲታይ ሙቀትን የመቋቋም አቅሙ፣ ማለትም R፣ ስንት እንደሆነ ነው።

የአንድ ቁስ R የሚገኘው ውፍረቱን በሜትር ወስዶ ለሙቀት አስተላላፊነቱ በማካፈል ነው። የፋይበርግላስ አስተላላፊነት 0.04 አካባቢ ስለሆነ 10 ሴንቲ ሜትሩ 2.5 ይሰጣል። እንጨቱን 0.16 አድርጌ ስወስደው ያው ውፍረት 0.63 ብቻ ሆነ። ቺፑዱ፣ ልስኑና በግድግዳው ሁለት ፊት የሚያርፈው ስስ አየር ተደምረው 0.31 ይሆናሉ፤ እነዚህ በሁለቱም መንገድ ላይ አሉ። ስለዚህ በፋይበርግላሱ በኩል ጠቅላላው 2.81፣ በቋሚው በኩል 0.94 ነው።

ቀጥሎ እንጨቱ የግድግዳውን ስንት እጅ እንደያዘ ማወቅ ያስፈልጋል። 5ን ለ50 አካፍሎ 10 በመቶ ማለት ይቀላል፤ ግን ግድግዳው ቋሚ ብቻ አይደለም። 4 ሜትር በ2.5 ሜትር በሆነው ግድግዳ ላይ የላይና የታች አግዳሚዎቹን፣ የመሀሉን ማገርና በየማዕዘኑ የተደረቡትን ቋሚዎች በሜትር ለክቼ ስደምር እንጨቱ ወደ 1.9 ካሬ ሜትር፣ ማለትም 20 በመቶ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። መስኮት ወይም በር ካለበት ደግሞ ይጨምራል።

ከዚህ በኋላ ሁለቱን R በየድርሻቸው አባዝቶ አማካይ ማውጣት ትክክል ይመስላል፤ ውጤቱም 2.44 ይሆናል። ይህ ግን ግድግዳውን ከሆነው በላይ ያሳየዋል። ሁለት ቀዳዳ ካለው በርሜል የሚፈሰውን ውሃ ስናሰላ የምንደምረው ፍሰቱን ነው እንጂ የቀዳዳውን ጥበት አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚደመረው 1/R ነው፦

```
1/R = 0.20/0.94 + 0.80/2.81 = 0.213 + 0.285 = 0.498
R = 2.0
```

ውስጡ 20፣ ውጩ 8 ዲግሪ ቢሆን ከዚህ ግድግዳ 60 ዋት ገደማ ይወጣል። ቋሚ ባይኖረው ኖሮ 43 ዋት ነበር። ከሁሉ በላይ የገረመኝ አንድ አምስተኛውን ብቻ የያዘው እንጨት ከሚወጣው ሙቀት 43 በመቶውን ማሳለፉ ነው። በዚያ ላይ 2.0 ከፍተኛው ግምት ነው፤ ሙቀቱ ወደ ጎን አይሄድም ብለን ስለምናሰላ ነው። ወደ ጎን እንደልቡ ይሄዳል ብለን ስናሰላ 1.87 ይመጣል፤ እውነቱ በሁለቱ መካከል ነው።

ቁጥሮቹን ለአናጢው ሳሳያቸው፣ «እንግዲያ ቋሚውን ጠለቅ እናድርገውና ብዙ እንሙላበት» አለ። «አይ ጋሼ፣ እስቲ ሁለቱንም እናስላው» አልኩት። ቋሚውንና ፋይበርግላሱን ወደ 12 ሴንቲ ሜትር ብናሳድግ R 2.3 ይሆናል። ያንኑ 2 ሴንቲ ሜትር ፎም አድርገን ከቺፑዱ ሥር ቋሚዎቹን ሁሉ እንዲሸፍን ብናነጥፈው ግን 2.6 ይደርሳል። የፎሙ የራሱ R 0.5 ሲሆን ለግድግዳው የጨመረው 0.6 ነው፤ ምክንያቱም ዋናውን ማምለጫ፣ እንጨቱን፣ ይዘጋል። «ታዲያ እንጨት ለምን እናባክናለን!» አለና ፎሙን መረጠ። እኔም እስከ ዛሬ የምመክረው ይህንኑ ነው።

ስሌቱ የሚሠራው ፋይበርግላሱ ጥግ ድረስ ሲሞላ ነው። ታጭቆ ከገባ ወይም በጎኑ ክፍተት ከተወ፣ ወይም ንፋስ በመካከሉ ካለፈ፣ 2.5 የሚለው ቁጥር አይያዝም። እርጥበት ከገባበትም እንዲሁ። ይህንን ለማየት ጎህ ሲቀድ፣ ክፍሉ ከሌሊት ጀምሮ እኩል ሲሞቅ ቆይቶ፣ ግድግዳውን ሳይነኩ በሚለካ ቴርሞሜትር ከዳር እስከ ዳር መሄድ ይበቃል። ፎም ባይኖረው ኖሮ፣ ውስጡ 20 ውጩ 8 ሲሆን፣ በስሌቱ መሠረት በቋሚው ላይ 18.3፣ በመሀሉ ላይ 19.4 ዲግሪ መነበብ ነበረበት። በፎሙ ምክንያት ልዩነቱ ወደ 0.6 ወረደ። ቴርሞሜትሩ ሁለቱን ቦታ እኩል ስለሚሳሳት መታመን ያለበት ልዩነቱ እንጂ ነጠላው ቁጥር አይደለም። በቋሚዎቹ መካከል፣ ማለትም ሙቀቱ መያዝ በነበረበት ቦታ፣ የቀዘቀዘ ስፍራ ከተገኘ ፋይበርግላሱ እዚያ ላይ ወርዷል ወይም አልደረሰም፤ ቺፑዱን ከዚያው ላይ መክፈት ነው።