የሚጠበቅ የወሊድ ቀን

የፈቃድ መጠየቂያው ቅጽ አንድ ገጽ ነው። «የወሊድ ፈቃድ» በሚለው ርዕስ ሥር ሁለት ባዶ መስመሮች አሉት፤ አንዱ «የሚጠበቅ የወሊድ ቀን»፣ ሌላው «የሐኪም ማስረጃ ቁጥር» ይላል። ብዕሬን ይዤ እዚያ ላይ ቆምኩ። ልጄ ከተወለደች ሰባተኛ ወሯን ይዛለች፤ የወለድኳት ግን እኔ አይደለሁም። የባሕር ዳር የግንቦት ሙቀት ከጣና በኩል ከሚገባው ነፋስ ጋር ሲታገል ትዝ ይለኛል፤ ወረቀቱ ከእጄ ላብ ረጥቦ ነበር።

በዚያ የግል ድርጅት ውስጥ በሂሳብ ሠራተኛነት አምስት ዓመት ሠርቻለሁ። እኔና ባለቤቴ የጉዲፈቻ ማመልከቻ ካስገባን ከዓመት በላይ ሆኖን ነበር፤ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያዋ ሽምብጥ ያለው ቤታችን ድረስ መጥታ መኝታ ክፍሉን፣ ውኃውን፣ ገቢያችንን ሳይቀር አይታለች። ስምምነቱን ፍርድ ቤት አጽድቆልን ነበር፤ የቀረው ርክክቡ ብቻ ነው።

ሁለቱን መስመሮች ባዶ ትቼ፣ «የወሊድ ፈቃድ እንዲሰጠኝ» የሚል ደብዳቤ አያይዤ አስገባሁ። በሁለተኛው ቀን መልስ መጣ። «የድርጅቱ መመሪያም ሆነ አዋጁ የሚሰጠው ለወሊድ ስለሆነ ጥያቄው ተቀባይነት የለውም» ይላል። ሲያመኝ ዋለ። ማታ ቤቴ ተቀምጬ ደጋግሜ ሳነበው ግን መልሱ በቃሉ ትክክል መሆኑን አየሁ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነፍሰ ጡር ለሆነች ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ተከታታይ የሥራ ቀናት ይሰጣል፤ ስለ ጉዲፈቻ አንድም ቃል የለውም። እኔ ያልወለድኩትን «ወሊድ» ብዬ ስጠይቅ የእምቢታውን ቃል ራሴው አቀብያቸዋለሁ።

የሰው ኃይል ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም። «የዓመት ፈቃድዎን ይጠቀሙ» አለኝ። በአዋጁ የመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል፤ የእኔ 18 ይሆናል። ከዚያ በኋላ የሚቀረኝ ለልዩና አሳሳቢ ሁኔታ የሚሰጠው፣ ያውም ያለ ደመወዝ የሆነው እስከ አምስት ቀን የሚደርስ ፈቃድ ነበር።

ይበልጥ የከበደኝ የአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ንግግር ነው። በቀዶ ሕክምና የወለደች ናት። «እህቴ፣ እኛኮ ሆዳችን ተቀዶ ነው ያረፍነው» አለችኝ፤ ስትናገር እጇ ሳታውቀው ከእምብርቷ በታች አርፎ ነበር። ልመልስላት የፈለግሁት ብዙ ነበር፤ ያንን እጅ ሳይ ግን ተውኩት። እውነቷን ነው። ይህች ሴት ያረፈችበትን ምክንያት እኔ አልጋራትም። የምጋራት ሌላውን ምክንያት ነው፤ ሁለተኛው ደብዳቤዬም የተጻፈው ከዚያ ተነሥቶ ነው።

ከወሊድ በኋላ ያለው ፈቃድ ሁለት ሥራ ይሠራል። አንዱ የእናትየዋን አካል መጠገን ነው። ሌላው ሕፃኑን ማላመድ ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 5 ላይ የፈቃዱ ርዝመት ሲወሰን የሥራው ሁኔታ፣ የእናትየዋ ጤንነት፣ የሕፃኑና የቤተሰቡ ደኅንነት ከግምት እንዲገቡ ይላል። የመጀመሪያውን እንደማልጠይቅ በግልጽ ጻፍኩ፤ ከመውለድ በፊት ያለውን 30 ቀን ጨርሶ አላነሣሁትም፤ ከ90ው ደግሞ አንድ ሦስተኛውን ለአካል ማገገሚያ ብዬ ትቼ 60 የሥራ ቀን ጠየቅሁ። ይህ ስሌት በሕግ የተጻፈ አይደለም፤ የእኔ ነው፤ ይህንንም አልደበቅሁም። ፈቃዱን «የጉዲፈቻ ልጅ መቀበያ ፈቃድ» አልኩት።

ሕጉ ያስገድዳችኋል አላልኩም። አዋጁ ከዚህ በታች አትውረዱ የሚል ወለል እንጂ ከዚህ በላይ አትስጡ የሚል ጣሪያ እንዳልሆነ፣ ድርጅቱ በራሱ መመሪያ መጨመር እንደሚችል ብቻ ጻፍኩ። የቤተሰብ ሕጉ የጉዲፈቻ ልጅን ለማናቸውም ጉዳይ እንደ አድራጊው ልጅ እንደሚቆጥር፣ የዓለም የሥራ ድርጅትም በምክረ ሐሳብ ቁጥር 191 አሳዳጊ ወላጆች የፈቃድ ጥበቃው ተጠቃሚ እንዲሆኑ እንደሚመክር አነሣሁ። ምክረ ሐሳብ አስገዳጅ አለመሆኑን ከሥሩ ጻፍኩ፤ እነርሱ ፈልገው ከሚያገኙብኝ እኔው ብናገር ይሻላል ብዬ ነው።

የቀን ነገርም ነበር። የርክክብን ቀን ሐኪም አይተነብየውም፤ አንድ ፊርማ ቢዘገይ ሳምንት ይገፋል። ስለዚህ ቀን ሳልቆርጥ «ከርክክቡ ቃለ ጉባኤ ቀን ጀምሮ» አልኩ። ማስረጃ አድርጌ የማቀርበው የፍርድ ቤቱን ውሳኔ የመጨረሻ ክፍል ብቻ እንደሆነም አስቀድሜ አስታወቅሁ። ከየት እንደመጣች፣ ማን እንደወለዳት የሚናገረው ገጽ የልጄ ታሪክ ነው፤ እርሷ ሳታውቀው መዝገብ ቤት ያለ ሰው ሁሉ ሊያነበው አይገባም።

ሥራ አስኪያጁ አስጠራኝ። ሃያ ደቂቃ ስንነጋገር ስለ ሕጉ ያነሣው አንዴ ብቻ ነው። የፈራው ሐምሌን ነበር፤ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ያልቃል፤ የሂሳብ መዝጊያው እኔ ላይ ነው። ይህን ባውቅ ኖሮ ደብዳቤውን ከዚያ እጀምር ነበር። የባንክ ሂሳብ ማስታረቂያውን እስከ ግንቦት አጠናቅቄ እንደማስረክብ፣ የቋሚ ንብረት መዝገቡን ረዳቴ እንደምትይዝ፣ የዓመቱ ሂሳብ ሪፖርት ከመሰናዳቱ በፊት እንደምመለስ በአንድ ገጽ ጽፌ ሰጠሁት። አነበበው፤ ወደ መስኮቱ ዞሮ ጥቂት ቆየ። «ለሌላ ሰው በር ብንከፍትስ?» አለኝ። «በሩን በመመሪያ ይክፈቱት፤ የፍርድ ቤት ውሳኔ ይዞ የሚመጣ ሰው ብዙ አይደለም» አልኩት።

በሳምንቱ 45 የሥራ ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ተፈቀደልኝ፤ የዓመት ፈቃዴም እንዲቀጠልበት ተስማማን። ከጠየቅሁት ያነሰ ነው። ፈረምኩ።

ልጄ የመጣችው ሰኔ ላይ ነው። ጡጦዋን ስትጠባ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ብዙ ሕፃናት ባሉበት ቤት ጡጦ በትራስ ተደግፎ ይሰጣት ስለነበር፣ ወተት ከሰው ፊት ጋር እንደሚመጣ አታውቅም። ባቀፍኳት ቁጥር ትገተራለች፤ ሌሊት ነቅታ ሳታለቅስ ጣራ ጣራውን ታያለች። ማልቀሷን የምመኝበት ጊዜ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር። በሃያ ስድስተኛው ቀን፣ ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ እየጠባች ዓይኗን አዙራ አየችኝ፤ ጣቴንም ያዘች። በዓመት ፈቃድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜ እኔ ቢሮ ነበርኩ፤ ጡጦውን የምትይዘው ሞግዚት ነበረች።

ስመለስ ያቺ ባልደረባዬ የልጇን ያነሱ ልብሶች አጥባና አጥፋ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣልኝ ጠበቀችኝ።

መመሪያው በቀጣዩ ዓመት ሲሻሻል አንድ አንቀጽ ተጨመረለት፤ ቅጹም ላይ «የሚጠበቅ የወሊድ ቀን» ከሚለው ቀጥሎ «ወይም የርክክብ ቀን» የሚል ታተመ። የሚሠራው ግን ለሴት ሠራተኛ ብቻ ነው። በአዋጁ ባል ሚስቱ ስትወልድ የሚያገኘውን ሦስት ቀን ባለቤቴ ከራሱ መሥሪያ ቤት ጠይቆ አላገኘም፤ ቃሉ እዚያም «ወሊድ» ነው። የእርሱን ሁለተኛ ደብዳቤ አብረን ጽፈን አስገብተናል፤ መልሱን እየጠበቅን ነው።