ጅን አይደለም፣ የተቋረጠ መድኃኒት ነው

ከሳውዲ፣ ከዱባይ፣ ከቤሩት ወደ ደሴና ኮምቦልቻ የሚመለሱ እህቶቻችን ሻንጣ ውስጥ፣ ከሽቶውና ከልብሱ መሀል፣ አንዳንዴ የክኒን ካርቶን ይገኛል። የድባቴ መድኃኒት ነው። ብዙዎቹ ለቤተሰብ አይናገሩም። አገር ቤት ሲገቡ ደግሞ ዝም ብለው ያቆሙታል። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፤ አሁን የምኖረው ጀርመን ነው፤ ሥራዬም ፋርማሲ ውስጥ ነው። ይህን የምጽፈው ባለታሪኳ የአክስቴ ልጅ ፈቅዳልኝ ነው። ስሟን ግን እተወዋለሁ።

ጅዳ ሰው ቤት ነበር የምትሠራው። መጀመሪያ እንቅልፍ እምቢ አላት። ቀጥሎ ምግብ አልዋጥ አለ። ከዚያ ጠዋት ከአልጋ መነሳት ተራራ ሆነባት፤ እቃ እያጠበች እንባዋ ይወርዳል፣ ለምን እንደሆነ አታውቅም። የወሰዷት ሐኪም ድባቴ እንደሆነ ነግሯት ፓሮክሴቲን የሚባል ክኒን፣ በቀን አንድ ባለ 20 ሚሊግራም፣ አዘዘላት።

ሳምንት ሳይሞላ በዋትስአፕ ድምጿን ላከችልኝ። «እትዬ፣ ይሄ ነገር ወላሂ ምንም አላደረገልኝም። ሆዴን ነው ያገላበጠው። ልተወው ነው።»

ይህን ቃል ፋርማሲያችን ከሚመጡ ሰዎችም በየጊዜው እሰማዋለሁ። ሰው ክኒን የሚያውቀው በራስ ምታት ነው፤ ትውጣለህ፣ በሰዓቱ ይለቅሃል። የድባቴ መድኃኒት እንዲህ አይደለም። ምክንያቱን ካወቁት ደግሞ መታገሥ ይቀላል።

የአንጎል ሕዋሳት እርስ በርስ መልእክት የሚለዋወጡት በመካከላቸው ባለች ጠባብ ክፍተት ውስጥ ኬሚካል እየለቀቁ ነው። ከእነዚህ ኬሚካሎች አንዱ ሴሮቶኒን ይባላል። አንዱ ሕዋስ ይለቀዋል፣ ሌላው ይቀበለዋል፣ ከዚያ የለቀቀው ሕዋስ ትርፉን መልሶ ይመጥጠዋል። ፓሮክሴቲን፣ ሰርትራሊን፣ ፍሉኦክሴቲን የሚባሉት መድኃኒቶች ይህን መምጠጫ ይዘጋሉ። ሴሮቶኒኑ ክፍተቱ ውስጥ ይቆያል። ይህ ሥራ የሚጀመረው ከመጀመሪያው ክኒን በኋላ በሰዓታት ውስጥ ነው።

ታዲያ ሳምንታት ለምን ይፈጃል? ሴሮቶኒን የሚያመርቱት ሕዋሳት የራሳቸው ልጓም አላቸው። ሴሮቶኒን በዙሪያቸው ሲበዛ ልጓሙ ይይዛቸውና አለቃቀቃቸውን ይቀንሳሉ። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መድኃኒቱ በአንድ በኩል የጨመረውን ሕዋሳቱ በሌላ በኩል ይመልሱታል። ልጓሙ የሚላላው መድኃኒቱ ሳይቋረጥ በየቀኑ ሲወሰድ፣ ቀስ እያለ ነው። ይህም ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈልጋል። ከዚያም አልፎ ሕዋሳቱ አዲስ ግንኙነት መሥራት ይጀምራሉ፤ ይህ ደግሞ ከዚያም በላይ ጊዜ ይጠይቃል። «ድባቴ ማለት የሴሮቶኒን ማነስ ነው» የሚለው የተለመደ አባባል በምርምር አልጸናም። ለዚህም ነው ሴሮቶኒኑ ዛሬ ስለጨመረ ስሜቱ ዛሬ የማይለወጠው። የሚለወጠው አንጎል ከአዲሱ ሁኔታ ጋር ራሱን ሲያስማማ ነው።

የሆዷ መረበሽ ግን አልጠበቀም። አብዛኛው የሰውነታችን ሴሮቶኒን ያለው አንጎል ውስጥ ሳይሆን አንጀት ውስጥ ነው። ስለዚህ ማቅለሽለሹ፣ ተቅማጡ፣ አንዳንዴም የሚያቁነጠንጥ ጭንቀት ቀድሞ ይመጣል፤ ጥቅሙ ኋላ ይደርሳል። ሰው መድኃኒቱን የሚጥለው በዚህ መሀል ነው። ማቅለሽለሹ ለብዙዎች በአንድ ሁለት ሳምንት ይቀላል። ከምግብ ጋር መውሰድም ይረዳል። አንድ ነገር ግን በትዕግሥት አይታለፍም፦ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ በተለይ ከ25 ዓመት በታች ባሉ ወጣቶች ላይ፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ወይም ከባሰ ያን ቀን ለሐኪም መናገር ነው።

«አብሽሪ፣ እስከ አንድ ወር ያዢው» አልኳት። ያዘችው። መጀመሪያ እንቅልፏ ተመለሰ። ቀጥሎ መብላት ጀመረች። ስሜቷ የተነሳው ከሁሉም ኋላ ነው። እሷ ራሷ ገና ሳታውቀው እኔ ከድምጿ ለየሁት፤ ስትስቅ ሰማኋት። ለሁሉም ሰው እንዲህ ይሠራል አልልም። ስድስት ሳምንት ያህል በትክክለኛው መጠን ወስዶ ምንም ለውጥ የማያይ ሰው አለ። ያኔ ሐኪሙ መጠኑን ይጨምራል ወይም ሌላ ይሞክራል።

ኮንትራቷ ሲያልቅ ኮምቦልቻ ገባች። እኔም ለእረፍት ደሴ ነበርኩ። አክስቴ ክኒኑን ስታይ «አገርሽ ገብተሽ፣ ከእናትሽ ጉያ ተቀምጠሽ ምን ክኒን ያስፈልግሻል?» አለቻት። ከፍቅር ነው። ካርቶኑም ወደ ማለቁ ነበር። ቆመ።

በሦስተኛው ቀን በሚኒባስ ወደ እኛ ወደ ደሴ መጣች። ከኮምቦልቻ ሐረጎን ጠመዝማዛውን ሲወጡ ብዙ ሰው ያዞረዋል፤ እሷም ስትደርስ ግድግዳ ይዛ ነበር የምትራመደው። «መንገዱ ነው፣ ደጋውም አለበት» ተባለ። ሎሚ አሸተቷት፣ አስተኟት። ሲመሽ ግን ማዞሩ አልለቀቀም። ጠጋ ብዬ ምን እንደሚሰማት ጠየቅኳት። «ዓይኔን ወደ ጎን ሳዞር ጭንቅላቴ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይነዝረኛል። ዝዝዝ ይልና ያልፋል» አለች። ላብ ያሰምጣታል፣ ያቅለሸልሻታል። ሌሊት እውነት የሚመስል ሕልም እያየች ትጮኻለች። ቡና ፈሰሰባት ብላ በትንሽ ነገር አለቀሰች። ጠዋት ላይ ቤቱ ውስጥ ቃሉ ተነሳ፦ ጅን ነው፤ ከሰው አገር ይዛው መጥታ ነው።

ሻንጣዋን አስከፈትኳት። የክኒኑ ማሸጊያ ውስጥ የቀረው ጥቂት ነበር። መቼ እንዳቆመች ጠየቅኩ። ነዝሮኛል ያለችው ደግሞ ብቻውን ይናገራል፤ ይህን ዓይነት ንዝረት ሲያቆሙ ካልሆነ በድባቴ ውስጥ አይሰሙትም።

የሆነው ይህ ነው። አንጎሏ ለወራት መምጠጫው በተዘጋበት ሁኔታ ራሱን አስተካክሎ ይኖር ነበር። ፓሮክሴቲን ደግሞ ከሰውነት ቶሎ ይወጣል፤ በአንድ ቀን ገደማ ግማሹ ይሄዳል፣ በሁለተኛው ቀን ከቀረው ግማሹ። በሦስት አራት ቀን የሚቀረው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። መድኃኒቱ በቀናት ወጣ፤ አንጎል ግን ወደ ቀድሞው ለመመለስ ሳምንታት ይፈልጋል። ምልክቱ የሚመጣው ከዚህ ልዩነት ነው። ፍሉኦክሴቲን በአንጻሩ በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። እሱ ራሱና ከእሱ የሚፈጠረው ውሁድ ለሳምንታት ሰውነት ውስጥ ይቆያሉ። ስለዚህ እሱን ያቆመ ሰው ብዙ ጊዜ ያን ያህል አይጎዳም፤ ሲጎዳም ዘግይቶ ነው።

አክስቴ «ሱስ አስይዟታል ማለት ነው?» አለችኝ። አይደለም። ሱስ ያለበት ሰው መድኃኒቱን ይናፍቃል፣ መጠን ይጨምራል፣ ለስካሩ ይፈልገዋል። ልጅቷ ክኒኑን አልናፈቀችም፤ እንዲያውም ረስታዋለች። ሰውነት መልመዱ ግን እውነት ነው።

ሌላው የሚያሳስተው «በሽታው ተመለሰ» ማለት ነው። መለየት ይቻላል። የድባቴ መመለስ ቀስ ብሎ፣ በሳምንታትና በወራት ነው የሚመጣው፤ መልኩም የበፊቱ ነው። የማቋረጥ ምልክት በቀናት ውስጥ ይመጣል። በፊት ያልነበረ የሰውነት ስሜት አብሮት አለ፦ ማዞር፣ ንዝረት፣ ማቅለሽለሽ፣ ላብ። መድኃኒቱ ሲመለስም በቀናት ይቀላል። ድባቴ እንዲህ በቀናት አይለቅም።

ደሴ ወዳለ የአእምሮ ሐኪም ይዘናት ሄድን። ሰውየው መጀመሪያ የጠየቃት ስለ ንዝረቱ አልነበረም። «ከዚህ በፊት ሳትተኚ ቀናት ያለፉሽ፣ ጉልበትሽ ከልክ ያለፈ፣ ወሬ ያበዛሽበት፣ ገንዘብ ያለ ቁጥር ያጠፋሽበት ጊዜ አለ?» አላት። እንዲህ ያለ ታሪክ ካለ የድባቴ መድኃኒት ብቻውን ሊያባብስ ይችላል። የለም አለች። ፓሮክሴቲኑን በዞርንባቸው ፋርማሲዎች አጣነው። ሐኪሙ ፍሉኦክሴቲን 20 ሚሊግራም ጻፈ፤ እሱ እዚያው ተገኘ። መምጠጫውን ያው ይዘጋል፣ ሲወጣ ደግሞ ቀስ ብሎ ነው። በሦስተኛው ቀን ንዝረቱ ራቀ። ሳምንት ሳይሞላ ሐረጎን ወርዳ ቤቷ ገባች።

ሐኪሙ ሙሉ በሙሉ ደህና ከሆነች በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር እንድትቀጥል ነገራት። ቶሎ ካቆሙት ድባቴው የመመለስ ዕድሉ ሰፊ ነው።

ማቆሚያው ሲደርስ ብዙ ሰው «ግማሽ፣ ከዚያ ዜሮ» ይላል። እዚህ ላይ አንድ የማይጠበቅ ነገር አለ። ሲታሎፕራም የሚባለው የዚሁ ቤተሰብ መድኃኒት ላይ ተለክቷል። 20 ሚሊግራም ከመምጠጫዎቹ 80 በመቶ ያህሉን ይዘጋል። መጠኑ ወደ 9 ሲወርድ የሚዘጋው ወደ 40 አይወርድም፤ 70 አካባቢ ነው። 50 በመቶ ላይ የሚደረሰው ከ4 ሚሊግራም በታች ሲሆን ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ግማሽ ብዙም አይሰማም፤ ትልቁ ገደል ከትንሿ ቁራሽ ወደ ዜሮ የሚዘለለው ነው። «እኔ ግማሽ ስወስድ ደህና ነበርኩ፣ ስተወው ነው የወደቅኩት» የሚሉ ሰዎች እውነታቸውን ነው። ቅነሳው ወደ መጨረሻው ይበልጥ ማነስና መዘግየት አለበት። በየደረጃው ሳምንታት ቆይቶ ማየት፣ ከከበደ ወደ ቀደመው መጠን መመለስ ነው። አንድ ቀን ወስዶ አንድ ቀን መዝለል ግን ለፓሮክሴቲን አይሆንም፤ ሰውነት በየሁለት ቀኑ ይዋዥቃል። ለፍሉኦክሴቲን፣ ቀስ ብሎ ስለሚወጣ፣ ይቻላል።

ለምትመለሱ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው የፋብሪካው ስም ደሴ ላይታወቅ ይችላል። ከሥሩ በትንሹ የተጻፈውን የመድኃኒቱን ስምና ሚሊግራሙን በወረቀት ያዙ። መቼ እንደጀመራችሁም ጻፉ። ካርቶኑ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው ሳይሆን ገና ከመነሳታችሁ በፊት ምትኩን ጠይቁ።

ረመዷን ሲቃረብ የአክስቴ ልጅ እንደገና ደወለች። ጾሙን እንዴት ላድርገው፣ ላቋርጠው ወይ አለችኝ። ማቋረጥ አያስፈልግም። በቀን አንዴ የሚወሰድ ስለሆነ በሱሁር ሰዓት መዋጥ ይቻላል። እንቅልፍ የሚነሳት ከሆነ ማለዳ መሆኑ ይሻላታል፣ ሱሁር ደግሞ ለዚያ ይመቻል። አክስቴ አሁን ከሱሁሩ ምግብ ጎን ክኒኑን ራሷ ታስቀምጥላታለች።