ከዘጠኝ መቶ ቃላት ወደ ሃምሳ፦ አንድን ረጅም ዜና ሳሳጥር የተሳሳትኋቸው ነገሮች

ኤቨር ጊቭን የተባለችው 400 ሜትር የምትረዝም የኮንቴይነር መርከብ የስዊዝን ካናል ዘግታ በቆየችበት ሳምንት፣ ረጃጅም የውጭ ዜናዎችን በአማርኛ ወደ ሃምሳ ቃላት ገደማ ማሳጠር የዕለት ሥራዬ ነበር። እ.ኤ.አ. ማርች 29 ቀን 2021 ጠዋት የደረሰኝ ዘገባ ዘጠኝ መቶ ቃላት ያህል ሲኖረው፣ ዋናው ነገሩ መርከቧ በከፊል መንሳፈፏ ነበር። ብዙ የሳትሁትም፣ ብዙ የተማርሁትም በዚያ ዘገባ ነው።

በመጀመሪያ ያደረግሁት እንደ ልማዴ ከታች ወደ ላይ መቁረጥ ነበር። ዜና ዋናውን ነገር ከላይ፣ ዝርዝሩን ከታች አድርጎ ይጻፋል ስለሚባል፣ የመጨረሻዎቹን አንቀጾች መጣል ጉዳት የለውም ብዬ አምን ነበር። አንድ ክስተት ቀናትን ሲያስቆጥር ግን ይህ እምነት አይሠራም፤ ጸሐፊው አንባቢው ታሪኩን ያውቀዋል ብሎ ስለሚያስብ፣ ነገሩ መቼና የት እንደጀመረ ወደ ታች ይገፋዋል። በዚያ ዘገባ መርከቧ የተቀረቀረችበት ቀንና ቦታ የተጻፈው በአሥራ አንደኛው አንቀጽ ላይ ነበር። እኔ ደግሞ ከስድስተኛው በታች ያለውን ሁሉ አጥፍቼ ስለነበር፣ በእጄ የቀረው «መርከቧ ዛሬ ጠዋት ተንሳፈፈች» የሚል ወሬ ብቻ ሆነ።

ስለዚህ መቁረጡን ትቼ ከዘገባው ላይ መልቀም ጀመርሁ። ሙሉውን አንድ ጊዜ ምንም ሳላሰምር አነበብሁ። በሁለተኛው ንባብ ባዶ ወረቀት አራት ቦታ ከፍዬ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት ብዬ ጻፍሁና፣ ለእያንዳንዱ መልስ የሚሆነውን በአጭሩ አሰፈርሁ፤ ከመልሱ ጎንም ይህን ያለው ማን እንደሆነ መዘገብሁ። ከዚያ ዘገባውን ዘግቼ አጭሩን ዜና ከወረቀቱ ብቻ ጻፍሁ። ዘገባው ዐይኔ ሥር ካለ ያማረ ዐረፍተ ነገር ሁሉ ስለሚያሳሳኝ፣ መዝጋቱ የግድ ነው።

ከአራቱ ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ «ማን» ነው። መርከቧ ጎን ላይ በግዙፍ ፊደላት የተጻፈው ኤቨርግሪን የሚለው ስም ሲሆን፣ እሱ ግን መርከቧን የሚያሠራው የታይዋን ኩባንያ ስም እንጂ የመርከቧ ስም አይደለም። የመርከቧ ባለቤት ደግሞ ሌላ፣ የጃፓን ኩባንያ ነው፤ ሰንደቅ ዓላማዋ የፓናማ ነው። ዘገባው እነዚህን በሦስት የተለያዩ አንቀጾች ለያይቶ ሲያስቀምጥ፣ እኔ ቦታ ለመቆጠብ ስል «የታይዋኗ መርከብ» ብዬ ጨፈለቅኋቸው። አንድ ቃል አተረፍሁ፤ ባለቤቱን፣ አሠሪውንና የተመዘገበችበትን አገር ግን አንድ አድርጌ አረፍሁ። ለሃምሳ ቃላት ዜና የሚበቃው የመርከቧ ስም ብቻ ነበር፤ ሦስቱንም በትክክል ለመጻፍ ቦታ ከሌለ ሦስቱንም መተው ይሻላል።

ሁለተኛው የ«ማን» ወጥመድ የአማርኛችን ነው። ዘገባው የካናሉን አስተዳደር እንደ ተቋም፣ ሊቀ መንበሩን ኦሳማ ራቢዕን ደግሞ እንደ ግለሰብ ይጠቅሳል። እኔ ተቋሙን «የስዊዝ ካናል ባለሥልጣን» ብዬ ተርጉሜ፣ ቀጥሎ ስማቸው ያለበትን ዐረፍተ ነገር ቆረጥሁ። ከዚያ በኋላ የመጣው «ባለሥልጣኑ ገለጸ» የሚለው ሐረግ መሥሪያ ቤቱን ይሁን ሰውየውን የሚለይ ነገር አጣ። «አስተዳደሩ» በሚለው ተክቼው ተገላገልሁ። አንድን ዐረፍተ ነገር በቆረጥሁ ቁጥር ቀጥሎ ያሉት «እሱ»፣ «ኩባንያው»፣ «ኃላፊው» የሚሉት ቃላት ማንን እንደሚያመለክቱ መልሼ የማየው ከዚያ ወዲህ ነው።

«ምን» በሚለው ላይ ያለው አደጋ ከግሱ ጋር የተያያዘ ነው። አስተዳደሩ ያለው መርከቧ በከፊል መንሳፈፏንና አቅጣጫዋ 80 በመቶ መስተካከሉን ነው፤ በማላቀቁ ሥራ የተሰማራው የኔዘርላንድ ኩባንያ ኃላፊ ደግሞ አስቸጋሪው ሥራ ገና እንደሚቀር አስጠንቅቀው ነበር። በቃላት ቆጠራ ላይ ለተጠመደ ሰው «በከፊል» ያለ ችግር የሚጣል ቃል ይመስላል፤ ሲጣል ግን ካናሉ ተከፈተ ማለት ይሆናል። መንስኤውም እንዲሁ ነው። በመጀመሪያ ኃይለኛ ነፋስና የአሸዋ አውሎ ነፋስ ምክንያት ተደርገው ሲጠቀሱ ቆይተው፣ ሊቀ መንበሩ በኋላ የቴክኒክ ወይም የሰው ስህተት ሊኖርበት እንደሚችል ተናገሩ። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ የዐረፍተ ነገሩን ጅራት የሚቆርጥ ሰው መጀመሪያ የሚያጣው ይህን «ሊሆን እንደሚችል ተናገሩ» የሚለውን ነው፤ የሚተርፈው «መንስኤው የሰው ስህተት ነው» የሚል፣ ማንም ያላለው ነገር ነው። ስለዚህ መንስኤውን ጨርሶ ተውሁት።

በ«መቼ» ላይ የሠራሁት ስህተት ግን እስካሁን ያስቀኛል። መርከቧ የተቀረቀረችው ማክሰኞ ማርች 23 ቀን 2021 ነው። እኔ ማርችን ወደ መጋቢት፣ 2021ን ወደ 2013 ቀይሬ፣ ቀኑን እንዳለ ትቼ «መጋቢት 23 ቀን 2013 ዓ.ም.» ብዬ ጻፍሁ። ትክክለኛው መጋቢት 14 ነው። መጋቢት 23 ማለት ኤፕሪል 1 ስለሆነ፣ በእኔ አጻጻፍ መርከቧ የተቀረቀረችው እኔ ዜናውን ከጻፍሁበት ቀን ሦስት ቀን ዘግይታ ነው! ያዳነኝ የዕለቱን ስም አብሬ መጻፌ ነበር፤ መጋቢት 23 ሐሙስ ነውና «ማክሰኞ» ከሚለው ጋር አልገጥም ሲለኝ የቀን መቁጠሪያ አወጣሁ። «ዛሬ» እና «ትናንት» የሚሉትንም በቀንና በዕለት ስም መተካት የያዝሁት በዚሁ ሰበብ ነው።

«የት» የሚለውን «በግብፅ» ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ሆኖም መርከቧ የተጋደመችው በካናሉ ደቡባዊ ክፍል፣ በወቅቱ መተላለፊያው አንድ ብቻ በሆነበት ቦታ ነው፤ ወደ ሰሜን ከፍ ቢል ጎን ለጎን የሚሄዱ ሁለት መተላለፊያዎች ያሉት ክፍል አለ። ከሦስት መቶ በላይ መርከቦች ለምን እንደቆሙ የሚያስረዳው ይህ ስለሆነ፣ «ደቡባዊ ክፍል» የሚሉት ሁለት ቃላት ቦታቸውን ይዘው ቀሩ።

በመጨረሻ የወጣው ይህ ነበር፦

«ከማክሰኞ መጋቢት 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በግብፅ የስዊዝ ካናልን ደቡባዊ ክፍል ዘግታ የቆየችው ኤቨር ጊቭን የተባለች የኮንቴይነር መርከብ፣ ሰኞ መጋቢት 20 ቀን ጠዋት በከፊል መንሳፈፏን የካናሉ አስተዳደር አስታወቀ። አስተዳደሩ የመርከቧ አቅጣጫ 80 በመቶ መስተካከሉን ገልጿል። በማላቀቁ ሥራ የተሰማራው የኔዘርላንድ ኩባንያ ኃላፊ ግን አስቸጋሪው ሥራ ገና እንደሚቀር ተናግረዋል።»

ከመላኬ በፊት እያንዳንዱን ስም፣ ቁጥርና ቀን በጣቴ እየነካሁ ከዋናው ዘገባ ጋር አመሳከርሁ፤ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ዓለም ሁሉ የተቀባበለውን፣ ከመርከቧ አፍንጫ ሥር የምትቆፍረውን ትንሽ ኤክስካቫተር መተዉ ግን ሳያሳዝነኝ አልቀረም። ከሰዓት በኋላ መርከቧ ሙሉ በሙሉ መላቀቋ ሲነገር፣ ጽሑፉን እንደገና መጻፍ አላስፈለገኝም፤ ቀኑና ቦታው እንዳሉ ቆመው፣ «ጠዋት በከፊል» የሚለው «ከሰዓት በኋላ ሙሉ በሙሉ» ሆነ፣ ጊዜ ያለፈባቸው የመጨረሻዎቹ ሁለት ዐረፍተ ነገሮችም ወጡ።