የሰዓቱን መስመር ሳያስተካክሉ ቁጥር ማስያዝ

ደብረ ብርሃን በሚገኝ አንድ የሥልጠና ክፍል ውስጥ ስሠራ፣ ስለ መንዝ በግ አረባብ የተቀረጸ የአማርኛ ቪዲዮ መስማት ለተሳናቸው ተመልካቾች ሰብታይትል ተዘጋጅቶለት ለእርማት ደረሰን። ፋይሉን በመጀመሪያ የተረከበችው ባልደረባዬ የሰብታይትሉን ክፍሎች ቁጥር በፕሮግራም እንደ አዲስ ካስያዘች በኋላ ቪዲዮውን ከፍታ ስታይ ግራ ተጋባችና ጠራችኝ። «ጋሼ፣ ቁጥሩ ከአንድ ጀምሮ ሳይቋረጥ ይሄዳል፤ እዚህ ላይ ግን ሰዓቱ ራሱ እንደ ንግግር ተጽፎ ይታያል» አለችኝ።

ከመታረሙ በፊት የነበረውን ቅጂ ስንከፍት ቦታው እንዲህ ይነበባል፦

```
86
00:07:41,200 --> 00:07:44,000
አሁን የግልገሎቹን ማደሪያ እንይ።

87
00፡07፡44,300 --> 00፡07፡47,100
ግልገሎቹን በሌሊት ብርድ አታስወጧቸው።
```

በ87ኛው ክፍል ሰዓቱን የሚለያዩት ነጥቦች የላቲን ሳይሆኑ የግእዝ ሁለት ነጥብ ናቸው፤ ጸሐፊው ክፍሉን በአማርኛ ኪቦርድ በእጁ እንዳስገባው ከዚህ ይታወቃል። ለዓይን ልዩነቱ እምብዛም ባይሆንም ፕሮግራሙ መስመሩን እንደ ሰዓት ስላልተቀበለው 87ኛውን ክፍል በሙሉ የ86ኛው ንግግር ቅጥያ አድርጎ ወሰደው፤ ቁጥር ሲያስይዝም 88 የነበረውን 87 አለው። የቁጥሩ መስተካከል ስሕተቱን ሸፈነው እንጂ አላረመውም፤ ስለዚህ ወደ መጀመሪያው ቅጂ ተመልሰን ከሰዓቱ ጀመርን።

የግእዝ ነጥብና ነጠላ ሰረዝ በንግግሩ ውስጥ በተገቢው ቦታ ሊገኙ ስለሚችሉ፣ ለውጡ ቀስት ባለባቸው መስመሮች ብቻ መወሰን ነበረበት፦

```
sed -i '/-->/ s/፡/:/g; /-->/ s/፣/,/g' beg.srt
```

የመስመር ርዝመት ላይ ስንደርስ ሌላ ችግር ገጠመን። የአማርኛ ፊደል በስክሪን ላይ ሰፊ ቦታ ስለሚይዝ፣ በመስመር ከ32 ፊደል፣ በአንድ ክፍልም ከሁለት መስመር እንዳይበልጥ ወስነን ነበር፤ መፈተሻው ግን አብዛኛውን መስመር ረዝሟል አለ። ምክንያቱ በፊደል ፈንታ ባይት መቁጠሩ ነው፤ እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይይዛል። «ግልገሎቹን በሌሊት ብርድ አታስወጧቸው» ክፍተቶቹን ጨምሮ 23 ሆኖ ሳለ 63 ተብሎ ተቆጠረ። በዚህ ቁጥር ታምኖ በማሽን ቢቆረጥ ኖሮ ፊደሉ ራሱ መሐሉ ላይ ተሰብሮ የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። ቆጠራውን በፊደል ካደረግነው በኋላ በእርግጥ የረዘሙት ጥቂት ሆነው ተገኙ፤ እነዚህንም ቅጽሉ ከስሙ እንዳይለይ እያየን በእጃችን ከፈልናቸው።

ከዚያ ሰዓቶቹን አንድ በአንድ ስናነጻጽር፣ በ00:12:09,400 የሚያልቅ አንድ ክፍል ቀጣዩ በ00:12:08,900 እየጀመረ አገኘን። ድምፁን ስናዳምጥ የመጀመሪያው ተናጋሪ ቀደም ብሎ ጨርሶ ስለነበር ማብቂያውን ወደ 00:12:08,800 መለስነው። ቁጥሩን ያስያዝነው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ ባልደረባዬም የመጨረሻው ቁጥር ከቀስት ምልክቶቹ ብዛት ጋር እኩል መሆኑን አረጋግጣ ፋይሉን አስረከበች።