«ግሬት ዲስቲንክሽን»ን ላቲን ያደረግኩ ዕለት

አምና ለማስተርስ ሆላንድ አመለከትኩ። ፓስፖርቱ፣ የእንግሊዝኛ ፈተናው፣ የድጋፍ ደብዳቤው ሁሉ ያለ ጣጣ አለቀ። ያንገበገበችኝ ፎርሙ ላይ ያለች አንዲት ጠባብ ሳጥን ናት። «የተመረቁበት ማዕረግ» ትላለች።

ዲግሪዬ ላይ «ዊዝ ግሬት ዲስቲንክሽን» ተብሎ ተጽፏል። በተማርኩበት ግቢ ደንብ ከ3.25 ጀምሮ ዲስቲንክሽን፣ ከ3.50 ግሬት ዲስቲንክሽን፣ ከ3.75 ቬሪ ግሬት ዲስቲንክሽን ነው። የኔ 3.58 ነው። ፎርሙ ደግሞ «ተመጣጣኙን ይጻፉ» ይላል። ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየማችን ሥር ኢንተርኔት ቤት ያለው ልጅ አንገቱን አስግጎ አየልኝና፣ «ወንድሜ፣ ይሄማ ማግና ኩም ላውዴ ነው። ፈረንጅ የሚያውቀው ይሄን ነው» አለኝ። የኛ ሦስት ደረጃ፣ የላቲኑም ሦስት፤ መሃለኛው ከመሃለኛው ገጠመ። ጻፍኩት። እውነቱን ለመናገር ደስም ብሎኝ ነበር፤ ቃሉ ያምራል።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ኢሜይል መጣ። «በዲፕሎማዎ ላይ ይህ ማዕረግ አይታይም። በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ከዩኒቨርሲቲዎ ማብራሪያ ይላኩ።» በጨዋ አነጋገር «ዋሽተሃል ወይ?» መሆኑ ነው።

ቃሉን መመርመር የጀመርኩት ያኔ ነው፤ ረፍዶ። ኩም ላውዴ «ከምስጋና ጋር» ማለት ነው። ማግና ሲጨመርበት «ከታላቅ ምስጋና ጋር»፣ ሱማ ሲሆን «ከሁሉ በላቀ ምስጋና» ይሆናል። ትርጉሙ ቀላል ነው፤ ጣጣው ልኩ ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ እንኳ አንድ ወጥ መነሻ የለም። አንዱ ኮሌጅ በጂፒኤ ይቆርጣል፣ ሌላው ከተመራቂው የላይኞቹን በመቶኛ ይወስዳል፤ ኤምአይቲ ጭራሽ አይሰጥም። ጀርመን ውስጥ ቃሉ በዋናነት የዶክትሬት ነው፤ እዚያ ኩም ላውዴ ከሱማና ከማግና በታች ሦስተኛ ነው። እኔ ያመለከትኩባት ሆላንድ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለው ኩም ላውዴ ብቻ ነው፤ የሚያገኙትም ጥቂቶች ናቸው። እኔ ታዲያ እነሱ ዘንድ ብርቅ ከሆነው ማዕረግ በላይ «ታላቅ» የሚል ጨምሬ ራሴን ሾሜያለሁ።

ግቢው ክፍለ ሀገር ነው። በሌሊት ከቃሊቲ መናኸሪያ ተሳፍሬ ሬጅስትራር መስኮት ስደርስ የምሳ ሰዓት ደርሷል። ከሰዓት ስመለስ ሠራተኛዋ፣ «ዲግሪው ላይ ተጽፎ የለ እንዴ? ሌላ ምን ደብዳቤ ትፈልጋለህ?» አለችኝ።

«እህቴ፣ ግሬት ዲስቲንክሽን ከስንት እንደሚጀምር የሚገልጽ ነው።»

«እንደዚያ ዓይነት ጽፈን አናውቅም። ኃላፊውን አነጋግር።»

ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። አደርኩ። በማግስቱ አሥር ሰዓት ላይ ደብዳቤው ተሰጠኝ፤ ማህተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ ቁጥር አለው። ያለው ፍሬ ነገር ግን አንድ ነው፦ «ተማሪው በግሬት ዲስቲንክሽን ተመርቋል።» ዲግሪው የሚለውን መልሶ አለው! ይህን ያነበብኩት አውቶቡስ ውስጥ ነው። እዚያው መስኮቱ ላይ ሳላነብ በመውጣቴ ዛሬም ራሴን እረግማለሁ።

በሳምንቱ ተመልሼ ሄድኩ። አሁን ግን ደብዳቤውን ራሴ በእንግሊዝኛ ተይቤ፣ በፍላሽ ይዤ ነው። አራት መስመር ነው፦ ጂፒኤዬ ከ4.00 3.58 መሆኑን፣ የሦስቱን ማዕረጎች መነሻ፣ ማዕረጉ የተሰጠው በእንግሊዝኛ እንጂ በላቲን አለመሆኑን፣ ከትምህርት ክፍሉ 64 ተመራቂዎች 7ኛ መውጣቴን። ኃላፊው ደረጃውን ከመዝገብ አስመሳክረው በአንድ ሰዓት ውስጥ ፈረሙ። ለካ የቸገራቸው መጻፉ ነው።

በዘጠነኛው ቀን ላክሁ፤ «የላቲኑን የጻፍኩት በስህተት ነው» የሚል መስመርም አከልኩበት። ተቀበሉኝ። ስኮላርሺፑ ግን ቀረ፤ በዚህ ይሁን በሌላ አልነገሩኝም።

ስለዚህ ፎርሙ «ተመጣጣኝ» ቢልም አትስሙት። ዲግሪያችሁ ላይ ያለውን ቃል ፊደል ሳትለውጡ ገልብጡ። ማመጣጠን የነሱ ሥራ ነው። ትራንስክሪፕት ጀርባ ላይ የማርክ አሰጣጡ አለ ብላችሁም አትተማመኑ፤ የኔው ላይ ኤ ስንት እንደሆነ ይናገራል፣ የማዕረጉን መነሻ ግን አይናገርም። ከምንም በላይ ደግሞ ግቢውን ሳትለቁ ስንተኛ እንደወጣችሁ በደብዳቤ ያዙ። «ከ64 7ኛ» የሚለውን ማንም አገር ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

ባለፈው ሳምንት ፎቶ ኮፒ ላነሳ ወረድኩ። ልጁ አጠገቡ ለተቀመጠች ልጅ ፎርም እየሞላ ነው። «ቬሪ ግሬት? ኧረ ይሄ ሱማ ነው!» ሲላት ሰማሁ። ወንበር ስቤ መሃላቸው ተቀመጥኩ።